ከፎቶግራፍ ወደ ዘይት ቀለም ሥዕል፦ የብሩሽን አቅጣጫና መጠን ከምስሉ ማውጣት

ፎቶግራፍን የዘይት ቀለም ሥዕል የሚያስመስል ማጣሪያ በብዙ የምስል ማስተካከያ ፕሮግራሞች ውስጥ ይገኛል። የዚህ ማጣሪያ የተለመደው አሠራር ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ፒክስል ዙሪያ ትንሽ መስኮት ይዘረጋል፤ በመስኮቱ ውስጥ ያሉትን ፒክስሎች በብርሃን ደረጃቸው ይመድባል፤ ብዙ ፒክስል የወደቀበትን ምድብ ይመርጥና የዚያን ምድብ አማካይ ቀለም ለመሃለኛው ፒክስል ይሰጣል። በኦፕን ሲቪ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለው `cv2.xphoto.oilPainting` የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ውጤቱ ለዓይን የሚመች ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ሰው አንድ ነገር ይጎድለዋል። ብሩሽ ያለፈበት መንገድ አይታይበትም። ቀለሙ ተሰባስቦ የረጋ ኩሬ እንጂ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ወደ ሌላው የተሳበ አይመስልም።

የሠዓሊ ብሩሽ ሁለት ነገሮችን ይወስናል፤ ወዴት እንደሚሄድና ምን ያህል ሰፊ እንደሚሆን። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ውሳኔዎች ከፎቶግራፉ ብቻ እንዴት ማውጣት እንደሚቻል ያብራራል። የሐሳቡ መነሻ በኮምፒውተር ግራፊክስ ዘርፍ የታወቁ ሦስት ሥራዎች ናቸው። ፖል ሄበርሊ በ1990 ፎቶግራፍን በብሩሽ ጭረቶች ስብስብ መወከል እንደሚቻል አሳየ። ፒተር ሊትዊኖዊች በ1997 ጭረቶቹ የምስሉን ጠርዝ እንዲከተሉና ጠርዝ ሲደርሱ እንዲቆረጡ አደረገ። አሮን ኸርትዝማን ደግሞ በ1998 ጭረቶቹ ጥምዝ እንዲሆኑና ከትልቅ ብሩሽ ወደ ትንሽ ብሩሽ በንብርብር እንዲቀቡ የሚያደርግ ዘዴ አቀረበ። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚህ በታች የምከተለው በዋናነት የኸርትዝማንን ዘዴ ሲሆን፣ አቅጣጫን በማስላቱ ላይ ብቻ አንድ ለውጥ አደርጋለሁ፤ ምክንያቱን በቦታው እገልጻለሁ።

ለማሳያነት የመረጥሁት ፎቶግራፍ በቤታቸው ደጃፍ ላይ የተቀመጡ አረጋዊት እናትን የሚያሳይ ነው። ነጭ ነጠላ ተከናንበዋል፤ የነጠላው ጥበብ ቀይና አረንጓዴ ነው። ከኋላቸው የጭቃ ግድግዳ አለ፤ ከጎን የሚመጣው የከሰዓት ፀሐይ የነጠላውን ጥላ በጉንጫቸው ላይ ጥሏል። የምስሉ ስፋት 960፣ ቁመቱ 1200 ፒክስል ነው። ፎቶግራፉን የመረጥሁት ውበቱን አስቤ ሳይሆን ዘዴው የሚቸገርባቸው ነገሮች ሁሉ በአንድ ላይ ስለሚገኙበት ነው፤ ለስላሳ ግድግዳ፣ ቀጭን የፊት መስመሮች፣ የቀለም ጥለት፣ እንዲሁም ከአካል ቅርጽ ጋር የማይገናኝ ጥላ።

አቅጣጫ ከብርሃን ለውጥ

ምስሉን እንደ መልክዓ ምድር እናስበው። ብሩህ ፒክስል ከፍታ፣ ጨለማ ፒክስል ዝቅታ ነው። በአንድ ነጥብ ላይ ቆመን አቀበቱ እጅግ የሚበረታው ወዴት እንደሆነ ብንጠይቅ፣ የምናገኘው መልስ ግራዲየንት ይባላል። ግራዲየንት ሁለት ነገር ይነግረናል፤ ብርሃን በፍጥነት የሚጨምርበትን አቅጣጫና የለውጡን መጠን። ሠዓሊ የትከሻን ጠርዝ ሲቀባ ብሩሹን ጠርዙን አቋርጦ አይጎትትም፤ በጠርዙ ርዝመት ይሄዳል። ስለዚህ ጭረቱ ሊሄድ የሚገባው ወደ ግራዲየንቱ ሳይሆን ለግራዲየንቱ ቀጤ ነክ በሆነው አቅጣጫ ነው። ገበሬ በተራራ ጎን ላይ እርከን ሲሠራ ቁልቁለቱን አቋርጦ በእኩል ከፍታ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ብሩሹም በእኩል ብርሃን ላይ ይጓዛል።

በአንድ ቦታ ላይ አስልተን እንየው። ብሩህ ግድግዳ ከጠቆረ የትከሻ ጥላ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ዘጠኝ ፒክስሎችን ብንወስድ፣ የብርሃን ዋጋቸው የሚከተለውን ይመስላል እንበል።

```
200  200   60
200  120   60
200   60   60
```

የሶበል ስሌት የቀኙን ዓምድ ከግራው ዓምድ ጋር፣ የታችኛውን ረድፍ ከላይኛው ረድፍ ጋር ያነጻጽራል፤ የመሃሉ ዋጋ እጥፍ ክብደት ይሰጠዋል። የቀኙ ዓምድ 60 + 2×60 + 60 = 240 ሲሆን የግራው 200 + 2×200 + 200 = 800 ነው፤ ስለዚህ የአግድሙ ለውጥ `gx = -560` ይሆናል። የታችኛው ረድፍ 200 + 2×60 + 60 = 380፣ የላይኛው 200 + 2×200 + 60 = 660 ነው፤ የቁመቱ ለውጥ `gy = -280` ይሆናል። ሁለቱም አሉታዊ በመሆናቸው ብርሃን የሚጨምረው ወደ ግራና ወደ ላይ ነው፤ ሰንጠረዡን በዓይን ብናየውም ብሩሁ ጥግ እዚያው ነው። ቀጤ ነኩን ለማግኘት ሁለቱን ቁጥሮች አቀያይረን የአንዱን ምልክት እንገለብጣለን፤ `(-gy, gx)` ወይም `(280, -560)` እናገኛለን። በምስል ላይ የቁመት ቁጥር የሚጨምረው ወደ ታች ስለሆነ፣ ይህ ማለት ብሩሹ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሁለት እርምጃ ወደ ላይ ይወጣል ማለት ነው። በሰንጠረዡ ውስጥ በ200 እና በ60 መካከል ያለው ድንበርም ልክ በዚሁ አዘንባይነት ይወጣል።

ተቃራኒ ቀስቶች እንዳይጠፋፉ

እስካሁን ያለው ስሌት ለአንድ ነጥብ በቂ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሰፊ ብሩሽ ስንይዝ ነው። ስፋቱ 48 ፒክስል የሆነ ብሩሽ የአንዲትን ፒክስል አቅጣጫ ሊከተል አይገባውም፤ የአካባቢውን አማካይ አቅጣጫ ማወቅ ይኖርበታል። ታዲያ ግራዲየንቶችን እንደ ቬክተር ደምሮ ማማከል የሚቀና መንገድ ይመስላል፤ ነገር ግን አያስኬድም።

በግንባራቸው ላይ ያለችውን ቀጭን የጠቆረች መስመር እንውሰድ። ከመስመሯ ግራ በኩል ብርሃን የሚጨምረው ወደ ግራ ነው፤ ከቀኟ በኩል ደግሞ ወደ ቀኝ። አንዱ ግራዲየንት `(-10, 0)`፣ ሌላው `(10, 0)` ቢሆን ድምራቸው ዜሮ ነው። ሁለቱም ግን የሚመሰክሩት ስለ አንዲት ቀጥ ብላ ስለወረደች መስመር ነበር። ምስክሮቹ ተስማምተው ሳለ ዳኛው «ምንም አልተባለም» ብሎ እንደ መፍረድ ነው። ማዕዘናቸውን ማማከልም አይረዳም፤ በ1 እና በ179 ዲግሪ ያዘነበሉ ሁለት መስመሮች አንድ ናቸው ሊባሉ ይቃረባሉ፣ አማካያቸው ግን 90 ይሆንና ሁለቱንም አቋርጦ ይሄዳል።

መፍትሔው ቀስቱን ሳይሆን የቀስቱን ብዜት ማማከል ነው። በእያንዳንዱ ፒክስል `gx*gx`፣ `gy*gy` እና `gx*gy` ይሰላሉ፤ የሚማከሉትም እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ናቸው። አሉታዊ ቁጥር በራሱ ሲባዛ አዎንታዊ ስለሚሆን፣ ከላይ ያሉት ሁለት ተቃራኒ ቀስቶች እያንዳንዳቸው 100 ያዋጡና ድምራቸው 200 ይሆናል። ሦስቱ ቁጥሮች በአንድነት የመዋቅር ቴንሰር ይባላሉ። ኸርትዝማን ግራዲየንቱን የሚወስደው በብሩሹ መጠን ከደበዘዘው ምስል ላይ በቀጥታ ነው፤ እኔ ያደረግሁት ለውጥ ይህን በመዋቅር ቴንሰር መተካት ነው። በፓይተን ሲጻፍ አጭር ነው፤ `g` ግራጫው ምስል፣ `R` የብሩሹ ግማሽ ስፋት ነው።

```python
gx = cv2.Sobel(g, cv2.CV_32F, 1, 0, ksize=3)
gy = cv2.Sobel(g, cv2.CV_32F, 0, 1, ksize=3)
s = 2.0 * R
jxx = cv2.GaussianBlur(gx*gx, (0, 0), s)
jyy = cv2.GaussianBlur(gy*gy, (0, 0), s)
jxy = cv2.GaussianBlur(gx*gy, (0, 0), s)
theta = 0.5*np.arctan2(2*jxy, jxx - jyy) + np.pi/2
```

በመጨረሻው መስመር ላይ ያለው 0.5 የተቀመጠው ብዜቱ ማዕዘኑን እጥፍ ስለሚያደርገው ነው፤ `np.pi/2` ደግሞ ከግራዲየንቱ ወደ ቀጤ ነኩ የሚያዞረው 90 ዲግሪ ነው። የዘጠኙን ፒክስሎች ምሳሌ በዚህ ብናረጋግጥ `2*jxy` 313600፣ `jxx - jyy` 235200 ይሆናል፤ ማዕዘኑ 53.1 ዲግሪ፣ ግማሹ 26.6 ዲግሪ ነው። ይህም `(-560, -280)` ካለው አዘንባይነት ጋር ይስማማል።

ከዚሁ ስሌት ሌላ ጠቃሚ ቁጥር እናገኛለን።

```
c = sqrt((jxx - jyy)² + 4·jxy²) / (jxx + jyy)
```

ይህ ቁጥር በአካባቢው ያሉ ግራዲየንቶች ምን ያህል እንደተስማሙ ይናገራል። ሁሉም አንድ መስመር ከያዙ ወደ 1፣ ከተበታተኑ ወደ 0 ይጠጋል። የጠርዝ አቅጣጫን ልናምነው የሚገባን `c` ከፍ ባለበት ቦታ ብቻ ነው።

ግራጫ ምስል መጠቀም የራሱ ጉድለት አለው፤ የነጠላው ጥበብ ላይ በግልጽ ይታያል። በተለመደው ቀመር የግራጫ ዋጋ የሚገኘው ከቀዩ 0.30፣ ከአረንጓዴው 0.59፣ ከሰማያዊው 0.11 በመውሰድ ነው። ዋጋው 200 የሆነ ንጹሕ ቀይ ግራጫው 60 ነው፤ ዋጋው 102 የሆነ ንጹሕ አረንጓዴም እንዲሁ ወደ 60 ይሆናል። ሰው ከሩቅ የሚለየው የጥበብ ድንበር ለስሌቱ የለም ማለት ነው። ቴንሰሩን ለሦስቱ የቀለም መስመሮች ለየብቻ አስልቶ መደመር ይህን ይፈታል፤ ብዜቶቹ ስለማይጠፋፉ ድምሩ አደጋ የለውም።

ዝም ያለው ግድግዳ

የጭቃ ግድግዳው ሰፊ ክፍል ብርሃኑ እምብዛም አይለወጥም። እዚያ ያለው ግራዲየንት በአብዛኛው ካሜራው የጨመረው ረብሻ ነው፤ አቅጣጫውም የአጋጣሚ ነው። ፕሮግራሙ ግን ይህን አያውቅም፤ እያንዳንዷን ትንሽ ረብሻ እንደ ጠርዝ ታምኖባት ጭረት ያወጣል። ውጤቱ የተበተነ ጭድ ይመስላል። (በእርግጥ በዚህ ግድግዳ ላይ ከጭቃው ጋር የተቦካ እውነተኛ ጭድ አለ፤ ስለዚህ ከርቀት ሲታይ ጥፋቱ ታማኝነት ሊመስል ይችላል። የተለሰነ ግድግዳ ቢሆን ኖሮ ማንም አይሳሳትም ነበር።)

ብዜቱ ለዚህም በከፊል ይረዳል። የ600 መጠን ያለው ጠርዝ በብዜት 360000 ሲሆን፣ የ10 መጠን ያለው ረብሻ 100 ብቻ ነው። በመካከላቸው የነበረው 60 እጥፍ ልዩነት 3600 እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ጠንካራው ጠርዝ በዙሪያው ያለውን ደካማ ክፍል ወደ ራሱ አቅጣጫ ይስባል። የትከሻው ዙሪያ በግድግዳው ላይ እንደ ማዕበል ይሰማል። `R` 24 ሲሆን ማደብዘዣው 48 ፒክስል ስለሆነ፣ ተጽዕኖው እስከ 140 ፒክስል ገደማ ይዘልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ግድግዳ ግን አሁንም ለረብሻው ይተዋል።

ሊትዊኖዊች ይህን የፈታው ጠንካራ ግራዲየንት ያላቸውን ነጥቦች ብቻ ይዞ በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ በለስላሳ ገጽ በመሙላት ነው። ቀለል ያለ አማራጭም አለ። `c` ከፍ ያለባቸው ነጥቦች ባሉበት ይጸናሉ፤ የቀሩት ነጥቦች እያንዳንዳቸው የአራት ጎረቤቶቻቸውን አማካይ አቅጣጫ ይወስዳሉ፤ ይህም ለውጡ እስኪረጋ ድረስ ይደጋገማል። እዚህም ማዕዘኑ በቀጥታ አይማከልም፤ በ`cos 2θ` እና በ`sin 2θ` ተጽፎ ይማከላል፤ አለበለዚያ የ1 እና የ179 ዲግሪው ችግር ይመለሳል። ስሌቱን በሙሉ ምስል ላይ ማካሄድ አያስፈልግም፤ ምስሉን በስምንተኛው አሳንሶ ሠርቶ መልሶ ማስፋት ይበቃል፤ የምንፈልገው ለስላሳ ነገር ነውና።

ከሰፊው ብሩሽ ወደ ቀጭኑ

ለዚህ ምስል የብሩሹን ግማሽ ስፋት 24፣ 12፣ 6 እና 3 ፒክስል አድርጌያለሁ። ሥራው የሚጀምረው ከ24 ነው። ምስሉ በዚያ ብሩሽ መጠን ይደበዝዛል፤ ትልቁ ብሩሽ ሊገልጸው የማይችለው ዝርዝር ከፊቱ ይነሣል ማለት ነው። ቀጥሎ ምስሉ 24 በ24 ፒክስል ባላቸው ሕዋሶች ይከፋፈላል። 40 በ50፣ በድምሩ 2000 ሕዋሶች ይሆናሉ። በ12 ብሩሽ 8000፣ በ6 ብሩሽ 32000፣ በ3 ብሩሽ 128000 ሕዋሶች ይኖራሉ። እያንዳንዱ ሕዋስ ቢበዛ አንድ ጭረት ያወጣል፤ ሁሉም ግን አያወጡም። ዘዴው የሚለየው በዚህ ነው።

በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ እስካሁን ሸራው ላይ ያለው ቀለም ከደበዘዘው ምስል ቀለም ጋር ይነጻጸራል። የሦስቱ ቀለሞች ልዩነት እያንዳንዱ በራሱ ተባዝቶ ይደመርና ሥሩ ይወሰዳል፤ የሕዋሱ አማካይ ልዩነት ከተወሰነ ወሰን `T` ከበለጠ ብቻ ልዩነቱ እጅግ በበዛበት ነጥብ ላይ ጭረት ይጀመራል። `T` 50 ቢሆን፣ ሸራው ላይ (165, 130, 95) ያለበትና ምስሉ (160, 124, 92) የሚልበት የግድግዳ ሕዋስ ልዩነቱ 8.4 ብቻ ስለሆነ ቀጭኑ ብሩሽ አይነካውም። ሸራው (150, 110, 80) ሆኖ ምስሉ (90, 60, 40) የሚልበት የዓይን ሽፋን ሕዋስ ግን ልዩነቱ 87.7 ነው፤ እንደገና ይቀባል። ግድግዳው በሰፊው ብሩሽ እንደተቀባ ይቀራል፣ ፊቱ ላይ ቀጭን ጭረት ይበረክታል። ይህን የወሰነው «ይህ ፊት ነው» ብሎ የሚያውቅ አካል አይደለም፤ ልዩነቱ ራሱ ነው።

በዚህ ፎቶግራፍ የዓይን ብሌን ግማሽ ስፋት 8 ፒክስል ያህል ነው። የ24 ብሩሽ ዓይኑን በሙሉ በአንድ ቡናማ ጭረት ይሸፍነዋል፤ የ12ቱም እንዲሁ። የ6 ብሩሽ ብሌኑን የጠቆረ ነጥብ አድርጎ ያወጣዋል፤ የ3ቱ የሽፋኑን መስመር ይለያል። በብሌኑ ላይ ያለችው የብርሃን ፍንጣቂ ግን 4 ፒክስል ስለሆነች፣ 6 ፒክስል ስፋት ያለው ብሩሽ ወይ ያሰፋታል ወይ ይተዋታል። አረጋዊቷ ወደ ካሜራው እያዩ መሆናቸው የሚታወቀው በዚያች ፍንጣቂ ነው፤ ስትጠፋ እይታቸውም ይጠፋል። `T`ን ለምስሉ ሁሉ ዝቅ ማድረግ መፍትሔ አይሆንም፤ ቀጭኑ ብሩሽ ግድግዳውንም ነጠላውንም ይወርና ውጤቱ በጥቂቱ የደበዘዘ ፎቶግራፍ ይሆናል። በእኔ እምነት የሚሻለው ዓይንና አፍ ያሉበትን ቦታ በእጅ ከልሎ እዚያ ብቻ `T`ን መቀነስና በ1.5 ብሩሽ አንድ ተጨማሪ ንብርብር መስጠት ነው። ሠዓሊዎችም ፍንጣቂዋን የሚያኖሩት በመጨረሻ፣ በብሩሽ ጫፍ ነው።

ጭረቱ እንዴት ይጓዛል

ጭረቱ ቀለሙን የሚወስደው ከመነሻ ነጥቡ ሲሆን እስከ መጨረሻው አይለውጠውም። ከመነሻው በ`theta` አቅጣጫ `R` ያህል ይራመዳል፤ በአዲሱ ነጥብ አቅጣጫውን እንደገና ይጠይቃል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። መስመር ሁለት ጫፍ ስላለው በየእርምጃው ከሁለቱ አንዱ መመረጥ አለበት፤ የሚመረጠው ካለፈው እርምጃ ጋር ከ90 ዲግሪ በታች ማዕዘን የሚፈጥረው ነው። ይህ ካልተደረገ ብሩሹ ወደ ኋላ እየተመለሰ በራሱ ላይ ይረግጣል። ነጥቦቹ በመጨረሻ በስፕላይን ይያያዙና ጥምዝ መስመር ይወጣል።

የሚቆመው መቼ ነው? ኸርትዝማን የሰጠው ደንብ ብልህነት አለው። ጭረቱ ዝቅተኛ ርዝመቱን ካለፈ በኋላ በየእርምጃው ይጠየቃል፤ እዚህ ቦታ ላይ ሸራው ያለው ቀለም ወይስ የእኔ ቀለም ለምስሉ ይቀርባል? (120, 80, 60) የሆነ የጉንጭ ቀለም ይዞ የመጣ ጭረት ነጠላው ላይ ሲደርስ፣ ምስሉ (230, 228, 220)፣ ሸራው (215, 210, 205) ቢሆን፣ የሸራው ልዩነት 27.8 ሲሆን የጭረቱ 244.1 ነው። ስለዚህ ይቆማል። ጠርዝ የሚለይ ሌላ ስሌት ሳያስፈልግ ቡናማው ቀለም ነጩን ልብስ ሳያቆሽሽ ይቀራል።

ይሁንና ደንቡ በመጀመሪያው ንብርብር ላይ አይሠራም። ገና ያልተቀባ ሸራ በሁሉም ቦታ ከምስሉ እጅግ የራቀ ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ የጭረቱ ቀለም ምንም ቢሆን ይሻላል ይባላል፤ ጭረቱ እስከ ከፍተኛ ርዝመቱ ይሄዳል። ከፍተኛው 16 እርምጃ ከሆነ በ24 ብሩሽ 384 ፒክስል ይሆናል፤ የምስሉ ስፋት አንድ ሦስተኛ አልፏል። የሰማያዊው በር ጥላ ጉንጭ ድረስ የሚዘልቀው በዚህ ምክንያት ነው። ለመጀመሪያው ንብርብር ብቻ ከፍተኛውን ወደ 4 እርምጃ ማውረድ ችግሩን ያቀለዋል።

በአንድ ንብርብር ያሉት ጭረቶች ሁሉ መጀመሪያ ይሰበሰባሉ፣ ከዚያ በዘፈቀደ ቅደም ተከተል ይቀባሉ። ከላይ ወደ ታች በተራ ከተቀቡ እያንዳንዱ ረድፍ የቀደመውን ይሸፍንና ሸራው የዓሣ ቅርፊት ይመስላል።

ጥፋቱን ከመልኩ ማወቅ

ዘዴው ሲሳሳት ስህተት የሚል መልእክት አያወጣም፤ መጥፎ ሥዕል ብቻ ያወጣል። በፊት ምስል ላይ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ መለየት ከባድ ስለሆነ፣ በነጭ መደብ ላይ አንድ የጠቆረ ክብ ሥሎ በእርሱ መፈተን ይሻላል። ትክክለኛው ውጤት ጭረቶቹ እንደ ስፌት ረድፍ ክቡን መዞራቸው ነው።

ጭረቶቹ እንደ ፀሐይ ጨረር ከመሃል ወደ ውጭ ከወጡ 90 ዲግሪው ተረስቷል። በላይ፣ በታች፣ በግራና በቀኝ ትክክል ሆነው በአራቱ ሰያፍ ቦታዎች ብቻ ከጠርዙ ጋር ከተጋጩ የቁመቱ ምልክት ተገልብጧል፤ ሂሳቡን የጻፈው ሰው የቁመት ቁጥር ወደ ላይ ይጨምራል ብሎ አስቧል ማለት ነው። ይህ ጥፋት በቀጥታ የቆሙ ሕንጻዎች ባሉበት ፎቶግራፍ ላይ ፈጽሞ ላይታይ ይችላል፤ ለዚህ ነው ክብ የሚያስፈልገው። ክቡ በአንድ ሩብ ብቻ ትክክል ሆኖ በተቃራኒው ሩብ አቅጣጫ ያጣ፣ በቀሩት ደግሞ ጭረቱ ወይ አግድም ወይ ቁም ብቻ ከሆነ፣ ሶበሉ የተሰላው አሉታዊ ቁጥር በማይዝ የባይት ዓይነት ነው። `cv2.CV_32F` የተጻፈው ይህ እንዳይሆን ነው።

ክቡ ደኅና ሆኖ ሥዕሉ አሁንም ካልጣመ፣ ቀለሙን ትቶ የአቅጣጫውን መስክ ብቻ በአጫጭር መስመሮች በግራጫ መደብ ላይ ማተም ይጠቅማል። መስመሮቹ በተረጋጋ ሁኔታ እየፈሰሱ ሥዕሉ ከከፋ ጥፋቱ በብሩሽ መጠንና በ`T` ነው፤ መስመሮቹ ከተበታተኑ የብሩሹን መጠን መነካካት ከንቱ ድካም ነው።

ግራዲየንት የማያውቀው

ሁሉም ትክክል ሆኖ ሲሠራ የሚቀረው ጉድለት በጉንጩ ላይ ይታያል። የነጠላው ጥላ ጉንጫቸውን በሰያፍ አቋርጧል፤ ለስሌቱ ይህ በፊቱ ላይ ካሉት ጠርዞች ሁሉ የበረታው ነው። ጭረቶቹ የጥላውን ጠርዝ ተከትለው ይወርዳሉ፤ ጉንጩ ክብነቱን ያጣና የተሰነጠቀ ይመስላል። በቦታው የነበረ ሠዓሊ ጥላውን በቀለም ይገልጸው፣ ብሩሹን ግን በጉንጩ ጉብታ ዙሪያ ይመራው ነበር። ግራዲየንት የሚያውቀው ብርሃን የት እንደተለወጠ እንጂ ለምን እንደተለወጠ አይደለም። ቫን ጎህ በ1889 በሣለው የከዋክብት ሌሊት ላይ ሰማዩ በሚዞሩ ጭረቶች የተሞላ ነው፤ የዚያው ሌሊት ፎቶግራፍ ቢኖር ኖሮ እነዚያን ጭረቶች የሚያመለክት ግራዲየንት አይገኝበትም ነበር።

ስለዚህ የማሳያውን ምስል የጨረስሁት አቅጣጫውን ሙሉ በሙሉ ለስሌት ሳልተው ነው። በጉንጩ ጉብታ ዙሪያ ሰባት አጫጭር መስመሮችን በእጅ አስምሬ፣ እያንዳንዱን መስመር በዚያ ነጥብ ላይ ወደ ሠራ ጠንካራ ቴንሰር ለወጥሁትና ከምስሉ ቴንሰር ጋር ከማደብዘዙ በፊት ደመርሁት። ክብደቱ ከጥላው ጠርዝ ብዜት ጥቂት እስኪበልጥ ድረስ ከፍ ሲል ጭረቶቹ ዞሩ፤ ጥላው በቀለም ልዩነቱ ብቻ ቀረ። በአፍንጫው ጎን ያለው ሌላ ጥላ ግን ሁለት መስመር ቢሰመርለትም እንዳለ ነው፤ እዚያ የጥላው ጠርዝና የአፍንጫው ጠርዝ የሚራራቁት በ5 ፒክስል ብቻ ስለሆነ የ6 ብሩሽ ሁለቱን መለየት አይችልም።